ስሙ ያልተጠራ ፈጻሚ፦ የአድራጊና የተደራጊ ዐምድ ምርጫ በመስክ ማስታወሻ እርማት፣ ከጣና ዳርቻ የዓሣ ሀብት ጥናት አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የመስክ ማስታወሻ ወደ መደበኛ የጥናት ጽሑፍ ሲለወጥ የድርጊቱ ፈጻሚ ማንነት እንዳይታወቅ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። የተለመደው ምክር ግሡን ወደ ተደራጊ ዐምድ መለወጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ምክሩ በአማርኛ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል። የአማርኛ ግሥ የባለቤቱን ጾታ፣ ቁጥርና ክብር በመድረሻው ስለሚይዝ ስምን መሰረዝ ፈጻሚን መሰወር አይደለም። ተደራጊው ዐምድ ይህን ምልክት ቢያጠፋም በራሱ በኩል አሻሚነት ያስከትላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከግለሰቡ ጋር ኃላፊነትን አብሮ ይሰውራል። ስለዚህ ምርጫው ከሁለቱ ዐምዶች አንዱን ለጽሑፉ ሁሉ መያዝ ሳይሆን በየግሡ የሚወሰን መሆኑ በአንድ ማስታወሻ እርማት ይታያል።

መግቢያ

በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ እየተባሉ ከሚጠሩት ዝርያዎች በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይጓዛሉ። ጉማራና ርብ ከእነዚህ ወንዞች መካከል ናቸው። በዚህ ወቅት በወንዝ መግቢያ ላይ የሚጣል መረብ ዓሣውን ከመራባቱ በፊት ስለሚይዘው፣ ስለ ሀብቱ መመናመን የሚያጠና ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው መረጃ ማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት መረብ እንዳሰገረ የሚገልጸውን ነው። መረጃውን የሚያውቁት ደግሞ ራሳቸው አስጋሪዎቹና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ ማስገር በሕግ የሚመራ ሥራ በመሆኑ፣ አንድ አስጋሪ ስለ ክረምት መረብ የሚናገረው ቃል በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

አጥኚው ማንነታቸውን እንደሚጠብቅ ቃል ገብቶ መረጃውን ከተቀበለ፣ ቃሉ የሚጠበቀው ወይም የሚፈርሰው በዐረፍተ ነገሮቹ አሠራር ነው። በአንድ የጀልባ ማረፊያ የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ፣ ለባሕር ዳር ወይም ለአዲስ አበባ አንባቢ ምንም የማይናገር አንድ ፊደል ለአካባቢው ሰው ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው የሰዋስው ብቻ አይደለም።

ነባሩ ሰዋስው ግሥን በአምስት አዕማድ ይከፍላል፤ እነርሱም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። እዚህ የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። «ያዘ» አድራጊ ነው፤ «ተያዘ» ተደራጊ ነው። ከዐምዱ ስም ጋር እንዳይምታታ ድርጊቱን የሠራው ሰው በዚህ ጽሑፍ «ፈጻሚ» ይባላል።

ስሙ ቢሰረዝም የሚቀር ምልክት

በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱን ሰርዞ ግሡን ብቻ ማስቀረት አይቻልም። ስሙን ማውጣት የፈለገ ጸሐፊ በግድ ወደ ተደራጊ ዐምድ ይሄዳል። በአማርኛ ግን ስሙ ቢወጣም ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ በግሡ መድረሻ ላይ አለ። ፈተናውም የሚመጣው ከዚህ ቅለት ነው። ሦስቱን ቅርጾች ማነጻጸር ይበቃል።

(1) በሌሊት መረብ ጣለ።
(2) በሌሊት መረብ ጣለች።
(3) በሌሊት መረብ ጣሉ።

በሦስቱም ስም የለም። ነገር ግን (2) ፈጻሚዋ ሴት መሆኗን ተናግሯል። አስጋሪዎቹ በአብዛኛው ወንዶች በሆኑበት ማረፊያ «ጣለች» የሚለው ቃል አንባቢውን ወደ ጥቂት ሴቶች፣ ምናልባትም ወደ አንዲት ሴት ይወስደዋል። (1) ደግሞ ፈጻሚው አንድ ወንድ፣ ያውም አንቱ የማይባል መሆኑን ይገልጣል።

(3) ከሁሉ የተሻለ መስሎ ይታያል። በንግግር ፈጻሚው ሳይታወቅ ወይም ሳይፈለግ ሲቀር በብዙ ቁጥር መናገር የተለመደ ነው፤ «እዚያ ጋ መንገድ ቆፈሩ»፣ «እንዲህ ይሉታል» ይባላል። በጽሑፍ ግን ይህ ቅርጽ ሁለት ትርጉም አለው። «ጣሉ» ብዙ ሰዎችንም ያሳያል፣ አንድ የተከበረ ሰውንም ያሳያል። «ጥለው»፣ «የጣሉት»፣ «መረባቸው» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ታዲያ አንባቢው የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው የድርጊቱ ዓይነት ነው። «በክረምት መረብ ይጥላሉ» የዘወትር ልማድን ስለሚገልጽ ሰዎች በጅምላ ይታሰባሉ። «በዚያ ሌሊት መረብ ጣሉ» ግን የአንድ ጊዜ ድርጊት ነው። ቀደም ብሎ አንድ ሽማግሌ ወይም ኃላፊ በጽሑፉ ከተነሡ፣ አንባቢው ድርጊቱን ለእርሳቸው ይሰጣል። ስለዚህ የብዙ ቁጥር አድራጊ ልማድን ለመግለጽ ሊያገለግል ይችላል፤ የአንድ ቀንን ድርጊት ፈጻሚ ለመሰወር ግን አይታመንም።

ተደራጊው ዐምድ የሚሰውረውና የሚያደናግረው

«መረብ ተጣለ» ሲባል የግሡ መድረሻ ከመረቡ ጋር ይስማማል። የጣለው ሰው ጾታ፣ ቁጥርና ክብር ከዐረፍተ ነገሩ ይወጣል። ይህ የተደራጊው ዐምድ ትልቁ ጥቅም ነው። ድርጊቱ ያረፈው በሰው ላይ ሲሆን ግን ምልክቱ ከፈጻሚው ወደ ተቀባዩ ይዛወራል። «ተይዛ ተቀጣች» የያዛትንና የቀጣትን ሰውሮ ተቀጪዋን ያጋልጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ግሡን በስም መተካት ይሻላል፤ «ቅጣት ተጣለ» ቢባል የሁለቱም ምልክት ይጠፋል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ «ተ-» በተገዛ ድርጊትና በራስ በተደረገ ድርጊት መካከል ሁልጊዜ የማይለይ መሆኑ ነው። «ሠራተኛው ከሥራ ተሰናበተ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንድም ራሱ ተሰናብቶ ሄደ፣ አንድም ሌላ ክፍል አሰናበተው ማለት ነው። «ተነሣ»፣ «ተመለሰ»፣ «ተዛወረ» ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። አሻሚነቱን ለመለየት በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድ ጊዜ «በገዛ ፈቃዱ»፣ ሌላ ጊዜ «በትእዛዝ» የሚለውን አስገብቶ ማንበብ ይጠቅማል። ሁለቱንም ያለ ችግር ከተቀበለ ግሡ አሻሚ ነው። «መረቡ ተቀደደ» ግን «በገዛ ፈቃዱ» አይቀበልም፤ መረብ ፈቃድ የለውምና። ስለዚህ ችግሩ የሚበረታው የግሡ ባለቤት ሰው ሲሆን ነው። መፍትሔው ሌላ ፈጻሚ መኖሩን የሚናገር ነገር ግን ስሙን የማይጠራ ግሥ መጨመር ነው፤ «ከሥራ እንዲሰናበት ተወሰነ» ሲባል የወሰነ ክፍል እንዳለ ይታወቃል፣ ማን እንደሆነ ግን አይነገርም።

ሁለተኛው ችግር ከመሠረታቸው «ተ-» ይዘው አድራጊ ከሆኑ ግሦች የሚመጣ ነው። «ተረከበ»፣ «ተቀበለ»፣ «ተከታተለ»፣ «ተቆጣጠረ»፣ «ተከራየ»፣ «ተበደረ» መልካቸው የተደራጊ ነው፤ ሥራቸው ግን የአድራጊ ነው። «መረቡን ተረከበ» እንላለንና በ«-ን» የተመለከተ ተሳቢ ይወስዳሉ። በእነዚህ ላይ ሌላ «ተ-» መደረብ አይቻልም። «ተከለ»፣ «ተረጎመ»፣ «ተኮሰ» ግን «ተተከለ»፣ «ተተረጎመ»፣ «ተተኮሰ» ይሆናሉ፤ የእነርሱ «ተ» የሥራቸው ፊደል ነውና። ሁለቱን ወገኖች ለመለየት ግሡን ወደ ትንቢት አንቀጽ መለወጥ ይበቃል። «ይተክላል»፣ «ይተረጉማል» ሲሉ «ተ» ቦታዋን ትጠብቃለች። «ይረከባል»፣ «ይቀበላል» ሲሉ ግን ትጠፋለች።

የመሥሪያ ቤት አማርኛ «ርክክብ ተፈጸመ»፣ «ክትትል ተደረገ»፣ «ቁጥጥር ተካሄደ» በሚሉ አገላለጾች የተሞላው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው አጻጻፍ አላስፈላጊ መራዘም ተብሎ ሲነቀፍ ይሰማል። ነቀፌታው «የዓሣ መሸጥ ሥራ ተከናወነ» ለሚለው ይገባል፤ «ዓሣው ተሸጠ» ማለት እየተቻለ የተጻፈ ነውና። ለ«ተረከበ» ግን ከስሙ የተሻለ መንገድ የለም። በዜና ዘወትር የሚነበበው «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ከዚሁ ወገን ነው። «ዋለ» ተደራጊ አይደለም፣ ተሳቢም አይፈልግም፤ ሆኖም «ተቆጣጠረ» ሊሰጥ የማይችለውን ፈጻሚ የለሽ አገላለጽ ይሰጣል።

ሦስተኛው ችግር የፊደላችን ነው። ግእዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይሰብራል» እና «ይሰበራል» በፊደል ይለያያሉ። «ይቀጣል»፣ «ይመራል»፣ «ይመታል»፣ «ይሰማል» ግን አድራጊም ተደራጊም ሲሆኑ አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት በንባብ ብቻ ነው። «ኮሚቴው በዚህ መመሪያ መሠረት ይመራል» የሚለው ሌላውን ይመራል ወይስ በሌላው ይመራል? ኃላፊ ጊዜ ላይ ችግሩ የለም፤ «መራ» እና «ተመራ» ይለያያሉ። ስለዚህ ማስታወሻው ለወደፊት ወይም ለዘወትር ድርጊት ሲታረም እነዚህን ግሦች ለብቻ መፈተሽ ያስፈልጋል። ተሳቢውን በ«-ን» አስገብቶ «ሥራውን ይመራል» ማለት አድራጊውን ያጸናል። ተደራጊው ሲፈለግ ደግሞ ግሡን ለውጦ «ይተዳደራል» ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሌላ በተደራጊ ዐረፍተ ነገር ፈጻሚውን የሚያመጣው «በ-» ራሱ አሻሚ መሆኑ መታወቅ አለበት። «በአስጋሪዎች ተያዘ»፣ «በመረብ ተያዘ»፣ «በሌሊት ተያዘ»፣ «በወንዙ ተያዘ» በሚሉት አንዱ «በ-» ፈጻሚን፣ መሣሪያን፣ ጊዜንና ቦታን ያሳያል። «በጽሕፈት ቤቱ ተወሰነ» ሲባል ጽሕፈት ቤቱ ወሰነ ወይስ ውሳኔው የተሰጠው እዚያ ቤት ውስጥ ነው? ቦታው ብቻ ከተፈለገ «በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ» ማለት ያለ ጥርጥር ያስቀምጠዋል።

ሰውን ሳይጠራ የሚሠራ አድራጊ ዐምድ

ተደራጊው ዐምድ ፈጻሚውን ሲያወጣ ኃላፊነቱንም ሊያወጣ ይችላል። ይህን የሚያሳየው ከጣናም ሆነ ከሌሎች ገዳማት በቆዩ የብራና መጻሕፍት የሚገኘው የግዝት ልማድ ነው። መጽሐፉን የሚሰርቅ ወይም ጽሑፉን የሚፍቅ ሰው ማን እንደሆነ ጸሐፊው አያውቅም፤ ገና አልተወለደም ይሆናል። ሆኖም ግዝቱ በአድራጊ ዐምድ፣ «የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን» በሚል አኳኋን ይጻፋል። «መጽሐፉ ቢሰረቅ» ተብሎ በተደራጊ ቢጻፍ ግዝቱ የሚያርፍበት ሰው አይኖረውም ነበር።

የሕግ አማርኛ የያዘው መንገድ ይኸው ነው። «ማንኛውም ሰው» ብሎ ጀምሮ ወይም «ያሰገረ ሰው» ብሎ በ«የ-» የታሰረ አድራጊ ግሥ አስገብቶ ቅጣቱን ያስከትላል። ስም የለም፤ ነገር ግን በድርጊትና በፈጻሚ መካከል ያለው ማሰሪያ አልተቆረጠም። «ሰው»፣ «ወገን»፣ «አካል»፣ «ክፍል» የሚሉት ስሞች በነጠላ ወንድ መድረሻ ስለሚሄዱ የፈጻሚውን ጾታ፣ ቁጥርና ክብር አይገልጡም። «መረቡን የጣለው ወገን» አንድ ሽማግሌም፣ አንዲት ሴትም፣ አምስት ወጣቶችም ሊሆኑ ይችላሉ።

ልዩነቱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ተደራጊው ዐምድ ፈጻሚ መኖሩን ከትኩረት ያወጣል፤ አድራጊው ዐምድ ከጅምላ ስም ጋር ሲሆን ፈጻሚ መኖሩን አጽንቶ ማንነቱን ይሰውራል። በጥናቱ ክርክር ውስጥ የፈጻሚው መኖር ዋጋ ከሌለው የመጀመሪያው ይበቃል። ግኝቱ በፈጻሚው ግዴታ ላይ ከቆመ ሁለተኛው ያስፈልጋል።

የአንድ ማስታወሻ እርማት

ከላይ የተባለውን በአንድ ላይ ለማየት የሚከተለው ማስታወሻ ይወሰድ። ማስታወሻው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ የማንንም እውነተኛ ሰው ቃል አልያዘም።

(4) ሊቀ መንበሩ ነሐሴ 12 ቀን በሌሊት በጉማራ ወንዝ መግቢያ ላይ መረብ ጥለው ብዙ ነጭ ዓሣ ያዙ። ሚስታቸው ዓሣውን ባሕር ዳር አምጥታ ሸጠች። ተቆጣጣሪው መረቡን ተረከበ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን መለሰላቸው።

ሦስት ፈጻሚዎች አሉ። ሦስቱም እንዲሰወሩ ይፈለጋል። የመጀመሪያው ሙከራ ስሞቹን ማውጣት ብቻ ነው።

(5) ነሐሴ 12 ቀን በሌሊት በጉማራ ወንዝ መግቢያ ላይ መረብ ጥለው ብዙ ነጭ ዓሣ ያዙ። ዓሣውን ባሕር ዳር አምጥታ ሸጠች። መረቡን ተረከበ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን መለሰላቸው።

«ያዙ»፣ «ሸጠች»፣ «ተረከበ» የሚሉት ሦስት መድረሻዎች ሦስቱን ሰዎች በየተራ ቆመው ይቆጥሯቸዋል። አንባቢው አንድ የተከበሩ ሰው፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ እንዳሉ ያውቃል፤ «መለሰላቸው» ደግሞ መረቡ የመጀመሪያው ፈጻሚ መሆኑን ይጨምራል። ምንም አልተሰወረም። ሁለተኛው ሙከራ ዋና ግሦቹን ሁሉ ወደ ተደራጊ መልክ ማምጣት ነው።

(6) ነሐሴ 12 ቀን በሌሊት በጉማራ ወንዝ መግቢያ ላይ መረብ ጥለው ብዙ ነጭ ዓሣ ተያዘ። ዓሣው ባሕር ዳር አምጥታ ተሸጠ። መረቡ ተረከበ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ተመለሰ።

ዐረፍተ ነገሩ በአራት ቦታ ፈርሷል። ቦዝ አንቀጾቹ «ጥለው» እና «አምጥታ» ሳይለወጡ ስለቀሩ የተሰወሩት ሰዎች በእነርሱ በኩል ተመልሰዋል። በእርማት ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ዓይን በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ያርፍና በመካከል ያሉት ቦዝ አንቀጾች የድሮ ባለቤታቸውን እንደያዙ ያልፋሉ። ሦስተኛው፣ «መረቡ ተረከበ» መረቡ ራሱ ተረካቢ ሆነ የሚል ትርጉም ያመጣል። አራተኛው፣ «ተመለሰ» መረቡን ይሁን ሌላ ያልተጠራ ሰውን ይሁን የሚያመለክተው አይታወቅም፤ ባለቤቱ ስላልተጻፈ ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

ሦስተኛው ሙከራ እነዚህን ያቃናል።

(7) በክረምት፣ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት፣ በአንድ ገባር ወንዝ መግቢያ ላይ በሌሊት መረብ ተጥሎ ብዙ ነጭ ዓሣ ተያዘ። ዓሣው ወደ ባሕር ዳር ተወስዶ ተሸጠ። በቁጥጥር ጊዜ የመረብ ርክክብ ተፈጸመ፤ ከቀናት በኋላ ግን መረቡ ለጣለው ወገን ተመለሰ።

ቦዝ አንቀጾቹ «ተጥሎ» እና «ተወስዶ» ሆነዋል። «አመጣ» የተለመደ ተደራጊ ስለሌለው በ«ወሰደ» ተተክቷል። «ተረከበ» ወደ ስሙ ሄዷል። «ተመለሰ» ባለቤቱን «መረቡ» አግኝቶ ከአሻሚነት ወጥቷል። ቀኑና የወንዙ ስምም ተነሥተዋል፤ ዐምድ የሚሰውረው በግሡ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ስለሆነ ቀንና ቦታ ሰውየውን ካመለከቱ የዐምዱ ለውጥ ዋጋ የለውም። ለጥናቱ የሚያስፈልገው ወቅቱ የመራቢያ መሆኑ ነው፤ እርሱም ተጠብቋል።

በሰዋስው (7) ደህና ነው፤ በክርክር ግን ጎድሏል። ስለ ማስገሩና ስለ ሽያጩ የሚያስፈልገው ድርጊቱ መፈጸሙ ነውና ተደራጊው ይበቃል። የመረቡ መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥናቱ «ቁጥጥሩ ላልቷል» ወደሚል መደምደሚያ የሚሄድ ከሆነ መረቡን ማን መለሰ የሚለው የግኝቱ እምብርት ነው። «ተመለሰ» የሚለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፣ በቅጣት ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ በዝምድናም ሊሆን ይችላል። አንባቢው መለየት አይችልም። በዚህ ቦታ አድራጊው ዐምድ ከጅምላ ስም ጋር ይመለሳል።

(8) … ዓሣው ወደ ባሕር ዳር ተወስዶ ተሸጠ። መረቡን የቁጥጥር ኃላፊነት ያለበት አካል ተረክቦት ነበር፤ ከቀናት በኋላ ግን ያው አካል ለጣለው ወገን መለሰ።

ተቆጣጣሪው አልተጠራም፤ ጾታውና ማዕረጉም አይታወቅም። ያልተሰወረው ኃላፊነቱ ነው። ለዚህም ገደብ አለው። በማረፊያው ያለው ተቆጣጣሪ አንድ ብቻ ከሆነ «አካል» የሚለው ስም ከስሙ አይሻልም። ያን ጊዜ መንገዱ ከሌሎች ማረፊያዎች ከተገኙ ተመሳሳይ መረጃዎች ጋር አጣምሮ «ከተያዙት መረቦች መካከል ተቆጣጣሪ አካላት መልሰው የሰጧቸው ይገኛሉ» ማለት ነው። ተመሳሳይ መረጃ ከሌላ ቦታ ካልተገኘ ችግሩ በዐምድ አይፈታም፤ ዐረፍተ ነገሩ ከጽሑፉ መውጣት አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም መረጃውን የሰጠው ሰው ነው። «እንደተገለጸው» የሚለው ተደራጊ መረጃ ሰጪውን ይሰውራል፤ ነገር ግን በጥናት ጽሑፍ «ከላይ እንደተገለጸው» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ አንባቢው ጸሐፊው ራሱ ቀደም ብሎ የተናገረው ይመስለዋል። «ከመረጃ ሰጪዎች አንዷ እንደገለጸችው» ደግሞ ጾታን ይገልጣል። በቁጥር መሰየምም ብቻውን አይበቃም፤ «መረጃ ሰጪ 7 እንደገለጸችው» ከተባለ ቁጥሩ የሰወረውን መድረሻው ያወጣዋል። «በመረጃ ሰጪ 7 ገለጻ መሠረት» ሲባል ግን ግሥ ስለሌለ የሚስማማ መድረሻ የለም፤ ምንጩም በግልጽ ከጸሐፊው ተለይቶ ይታወቃል።

ማጠቃለያ

ከእርማቱ የሚወጣው ቅደም ተከተል አጭር ነው። በመጀመሪያ በማስታወሻው ያሉት ፈጻሚዎች ይቆጠራሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም መኖራቸው ለክርክሩ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠየቃል። ለማያስፈልጉት ተደራጊው ዐምድ ይመረጣል፤ የሚለወጠውም ማሰሪያ አንቀጹ ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያሉት ቦዝ አንቀጾች ጭምር ነው። ግሡ በመልኩ «ተ-» የያዘ አድራጊ ከሆነ ወደ ስሙ ይዞራል። መኖራቸው ለሚያስፈልገው ፈጻሚዎች አድራጊው ዐምድ ከ«ወገን» ወይም ከ«አካል» ጋር ይጻፋል።

በመጨረሻ የታረመው ጽሑፍ ማስታወሻውን ላላየ፣ ነገር ግን አካባቢውን ለሚያውቅ አንባቢ ይሰጣል። ይህ አንባቢ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ማን እንደሆነ ሊገምት መቻሉ፣ ሁለተኛው ምን እንደተደረገና በማን ኃላፊነት እንደተደረገ መረዳቱ ነው። ለመጀመሪያው «አይቻልም»፣ ለሁለተኛው «ተረድቼአለሁ» ካለ ምርጫው ተስተካክሏል። ለሁለቱም «አይቻልም» ካለ ጽሑፉ ሰውየውን ሲጠብቅ ግኝቱን ጥሎታል፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከ(7) ወደ (8) ያለውን መንገድ እንደገና መሄድ ይኖርበታል።